ከኮምፒዩተሩ በፊት የሚመጣው ሽቦ

በዚህ የትምህርት ወራት ከተሰጡን የቡድን ሥራዎች አንዱ፣ በአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ተከላው የተፈጸመውን የኮምፒዩተር ክፍል መርምረን «ከሥራው የተገኘ ትምህርት» የሚል ሪፖርት እንድናቀርብ ነበር። የሪፖርቱ ቅርጽ አራት ጥያቄ ብቻ ነው፤ ምን ታቅዶ ነበር? ምን ሆነ? ለምን ሆነ? የሚቀጥለው ሰው ምን ያድርግ? ብዙ ሪፖርት የሚሰናከለው በሦስተኛው ላይ ነው። «የቅንጅት ጉድለት ነበረ» ብሎ የሚያልፍ ጸሐፊ፣ ነገ ሌላ ክፍል ለሚያደራጅ ሰው ምንም አልነገረውም። ስለዚህ ከወረቀቱ ይልቅ ወደ ብሬከሩ ሄድን።

ዕቅዱ 20 ኮምፒዩተሮችን በ4 ሳምንት ተክሎ ማስረከብ ነበር። ጠረጴዛው፣ መስኮቱ፣ የኔትወርኩ ገመድ ሁሉ በጊዜው አልቋል፤ ስለ እነርሱ የምንለው የለንም። ነገር ግን ክፍሉ በተከፈተ ማግስት ብሬከሩ ይወድቅ ጀመር፤ ሥራው እስኪስተካከልም ሌላ 3 ሳምንት አለፈ። በዕቅዱ ላይ ስለ ኤሌክትሪክ የተጻፈው «ሶኬት ማስገባት» የሚል አንድ መሥመር ብቻ ነው።

ሁሉም «መብራቱ አይችልም» ይል ነበር። እኛ ግን ዘበኛውንና አስተማሪዎቹን ስንጠይቅ፣ ብሬከሩ የሚወድቀው በሁለት ዓይነት እንደ ሆነ ተረዳን። አንደኛው፣ መብራት ጠፍቶ ሲመለስ በዚያችው ቅጽበት፣ በክፍሉ ሰው ባይኖር እንኳ ይወድቃል። ሁለተኛው፣ ትምህርቱ በደኅና ከተጀመረ ከብዙ ደቂቃ በኋላ፣ ያውም በሻይ ሰዓት አካባቢ ይወድቃል። መልካቸው አንድ ቢሆንም ምክንያታቸው የተለያየ ነው።

የሁለተኛውን በሒሳብ እንየው። አንዱ ኮምፒዩተር ከነመስኮቱ ሲሠራ እስከ 150 ዋት ወስዷል፤ 20ው 3,000 ዋት ይሆናል፤ ይህ ለ220 ቮልት ሲካፈል ወደ 14 አምፔር ነው። ብሬከሩ 16 አምፔር ስለ ሆነ ይበቃል ያሰኛል። ዳሩ ግን ያው ብሬከር የጽሕፈት ቤቱንም ሶኬቶች ይጠብቅ ኖሯል፤ በዚያም 2,000 ዋት የሚወስድ የውሃ ማፍያ አለ። እርሱ ብቻውን 9 አምፔር ነውና ድምሩ 23 ይደርሳል። ብሬከር በመጠኑ ሲያልፉበት ወዲያው አይወድቅም፤ ውስጡ ቀስ በቀስ ግሎ ነው የሚቆርጠው። የሻይ ሰዓቱ ምሥጢር ይኸው ነው።

የመጀመሪያው ከዋት ብዛት የመጣ አይደለም። በእያንዳንዱ ኮምፒዩተር የኃይል ሳጥን ውስጥ ያሉት ካፓሲተሮች ባዶ ሆነው ኃይል ሲያገኙ፣ ለጥቂት ሺኛ ሴኮንድ ከልማዳቸው ብዙ እጥፍ ይስባሉ። ሃያው አንድ ጊዜ ሲስቡ ብሬከሩ አጭር ግንኙነት የተፈጠረ መስሎት ይቆርጣል። ማረጋገጫውም ቀላል ነው፤ በረድፍ በረድፍ ሲከፈቱ አይወድቅም። ትልቅ ብሬከር መተካት ግን ሽቦውን ለእሳት ማጋለጥ ነው። መፍትሔው ክፍሉን ከጽሕፈት ቤቱ ለይቶ፣ ለአምስት አምስት ኮምፒዩተር የራሱን መሥመርና ብሬከር መስጠት፣ መብራት ሲጠፋም ማብሪያዎቹን ማጥፋት ሆነ።

ርቀቱም ዋጋ አለው። ከጽሕፈት ቤቱ ሳጥን እስከ ክፍሉ 60 ሜትር በ2.5 ሚሊ ሜትር ካሬ የመዳብ ሽቦ ተስቦ ነበር። 14 አምፔር ሲያልፍበት በመንገድ ላይ 12 ቮልት ያህል ይጠፋል፤ በ10 ሚሊ ሜትር ካሬ ግን 3 ቮልት ብቻ ነው። የከተማው መብራት 200 ሲወርድ ክፍሉ 188 ያገኛል ማለት ነው። ሰፊ መጠን የሚቀበለው የኃይል ሳጥን ይታገሣል፤ ለ230 ቮልት ብቻ የተሠራው ግን በሥራ መካከል ሊጠፋ ይችላል። ይህን ለማወቅ ኮምፒዩተሮቹ ሁሉ እየሠሩ በሁለቱም ጫፍ መለካት ያስፈልጋል፤ ተዘግተው ከተለካ ሁለቱ ጫፎች እኩል ያሳያሉና ሰው ይታለላል።

ተማሪዎቹ «ሳጥኑ ይነዝራል» ሲሉ የሰማቸው አልነበረም። በብረቱ ሳጥንና በመሬት መካከል ስንለካ 110 ቮልት ገደማ፣ ማለት የመብራቱን እኩሌታ አገኘን። ይህ ቁጥር የመሬት ሽቦ አለመገናኘቱን ይናገራል፤ ሶኬቶቹ ሦስተኛ ቀዳዳ ቢኖራቸውም ከኋላው ሽቦ አልነበረም። የሚነዝረው ኃይል ትንሽ ነው፤ የሚያስፈራው ግን አንድ ቀን የውስጡ ሽቦ ተልጦ ሳጥኑን ቢነካ ብሬከሩ ላይወድቅ መቻሉ ነው።

በአራተኛው ጥያቄ ሥር እንግዲህ «ለኤሌክትሪክ ትኩረት ይሰጥ» አላልንም። ኮምፒዩተሩ ሳይገዛ በፊት የብሬከሩ መጠን፣ በእርሱ ላይ ያለው ሌላ ዕቃ፣ የሽቦው ርዝመትና ውፍረት ተለክቶ ይጻፍ፤ የዋጋው ግምት ከዚያ በኋላ ይውጣ አልን። ሪፖርቱን ስናስረክብ መሥመሮቹ ተለያይተው ነበር፤ የመሬቱ ዘንግ ግን ገና ስላልተተከለ፣ እርሱን ከሁሉ አስቀድመን ጻፍነው።