የዳታ ሐይቅና የዳታ መጋዘን፦ አንድ ጥያቄ ስንት ያስከፍላል?

የኒው ዮርክ ከተማ የታክሲና ሊሙዚን ኮሚሽን እ.ኤ.አ. ከ2009 ጀምሮ ያለውን የቢጫ ታክሲ ጉዞ መዝገብ ለሕዝብ ክፍት አድርጎታል። እያንዳንዱ ጉዞ አንድ ረድፍ ይይዛል፤ ተሳፋሪው ከየት ተነሥቶ የት ወረደ፣ በምን ከፈለ፣ ለሾፌሩ ስንት ጉርሻ ሰጠ የሚለው ሁሉ ይሰፍራል። በወር በሚሊዮን የሚቆጠር ረድፍ ይጠራቀማል። ይህን የሚያህል መዝገብ የት ይቀመጥ? እንዴትስ ይጠየቅ?

አንዱ መንገድ የዳታ መጋዘን ነው። አማዞን ሬድሺፍትና የጉግሉ ቢግኩዌሪ በዚህ ይታወቃሉ። መጋዘን ሲገባ ሥርዓት ይጠይቃል፦ ዓምዶቹ አስቀድመው ይወሰናሉ፣ በገንዘብ ዓምድ ላይ ፊደል የያዘ ረድፍ ቢመጣ በር ላይ ይመለሳል። የዳታ ሐይቅ ግን የመጣውን ፋይል እንደመጣ ይቀበላል። ስሙን እ.ኤ.አ. በ2010 ያወጣው የፔንታሆ ኩባንያ ባልደረባ የነበረው ጄምስ ዲክሰን ነው። ፋይሎቹ እንደ አማዞን ኤስ3 ባለ ርካሽ የክላውድ ማከማቻ ይቀመጣሉ፤ ዓምዱና ትርጉሙ የሚወሰነው በሚነበቡበት ሰዓት ነው።

ታዲያ ሐይቁን ማን ያነበዋል? አማዞን እ.ኤ.አ. በ2016 ያወጣው አቴና ለዚህ የተሠራ ነው። ተጠቃሚው ሰርቨር አይከራይም፣ ፋይሎቹንም ወደ ሌላ ቦታ አይገለብጥም። «በዚህ ፎልደር ያሉት ፋይሎች እነዚህ ዓምዶች አሏቸው» ብሎ ሠንጠረዥ ይገልጻል። ሠንጠረዡ መግለጫ ብቻ ስለሆነ ቢሰረዝ እንኳ ፋይሎቹ ካሉበት አይነኩም። ጥያቄው ይህን ይመስላል፦

```sql
SELECT payment_type, avg(tip_amount)
FROM yellow_trips
WHERE year = 2023 AND month = 1
GROUP BY payment_type;
```

አገልግሎቱ ፋይሎቹን ለብዙ ማሽኖች ያከፋፍላል። እያንዳንዱ ማሽን የደረሰውን አንብቦ የራሱን ድምርና ብዛት ያወጣል፤ በመጨረሻ ሁሉም ተደምሮ አማካዩ ይሰላል። የሚከፈለው በተነበበው ዳታ መጠን ነው፤ በብዙ የአማዞን ክልሎች ለአንድ ቴራባይት 5 ዶላር ነው። መልሱ ሁለት መስመር ቢሆንም ሁለት ሺህ፣ ሂሳቡን አይለውጠውም።

ስለዚህ የፋይሎቹ አቀማመጥ ብዙ ገንዘብ ነው። መዝገቡ የአምስት ዓመት፣ 20 ዓምድ ያለውና በተራ የጽሑፍ ፋይል አንድ ቴራባይት ነው እንበል። የጽሑፍ ፋይል ረድፍ በረድፍ ስለሚጻፍ ሁለት ዓምድ ብቻ ቢፈለግም ሁሉም ይነበባል፤ 5 ዶላር ሄደ። ያንኑ መዝገብ ፓርኬት ወደሚባለው ቅርጽ ብንለውጠው እያንዳንዱ ዓምድ ለብቻው ተጨምቆ ይቀመጣል። መዝገቡ ወደ ሲሶው ቢያንስ 330 ጊጋባይት ያህል ይሆናል፤ ሁለቱ ዓምዶች የዚያ አንድ አሥረኛ ቢሆኑ 33 ጊጋባይት ናቸው። ፋይሎቹ በዓመትና በወር ፎልደር ከተከፈሉ ደግሞ ከ60 ወር አንዱ ብቻ ይነበባል፤ ከግማሽ ጊጋባይት ብዙም አይበልጥም። ጥያቄው ያው፣ መልሱም ያው ነው፤ ዋጋው ግን አንድ ሴንት እንኳ አይሞላም። ኮሚሽኑ ራሱ እ.ኤ.አ. በ2022 ፋይሎቹን ወደ ፓርኬት ለውጧል።

ከገንዘቡ በላይ የሚያሳስበኝ ግን ስሕተት ሳይታወቅ የሚያልፍበት መንገድ ነው። ከላይ ያለውን ጥያቄ የሚጠይቅ ሰው በካርድ የሚከፍሉት ጥሩ ጉርሻ ሲሰጡ፣ በጥሬ ገንዘብ የሚከፍሉት ግን ምንም ያህል እንደማይሰጡ ያያል። ይህ እውነት አይደለም። የኮሚሽኑ የመዝገብ መግለጫ እንደሚለው የጉርሻው ዓምድ የካርድ ጉርሻን ብቻ ይይዛል፤ በእጅ የተሰጠው አይመዘገብም። ኮምፒዩተሩ የስሕተት መልእክት አያወጣም፤ የተጠየቀውን በትክክል አስልቷልና። ያን ቁጥር ይዞ ስለ ሾፌሮች ገቢ የሚጽፍ ሰው እነዚያን ሾፌሮች ይበድላል።

ሌላም አለ። እ.ኤ.አ. እስከ 2016 አጋማሽ መነሻና መድረሻ በኬንትሮስና በኬክሮስ ይመዘገቡ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ የሠፈር ቁጥር ተተካ። ሐይቁ ሁለቱንም ያለ ቅሬታ ይይዛል፤ በአንድ ሠንጠረዥ ሲነበቡ ግን የድሮዎቹ ዓመታት የሠፈር ዓምድ ባዶ ሊሆን ወይም ጥያቄው ጭራሹን ሊከሽፍ ይችላል። ማወቂያው ቀላል ነው፦ ከሁሉ በፊት በየወሩ ስንት ረድፍ እንዳለና ከነዚያም ስንቱ ባዶ እንደሆነ መቁጠር። ድንገት የሚዘልል ቁጥር ካለ እዚያ አንድ ነገር ተለውጧል።

የእኔ ፍርድ ይህ ነው፦ ጥሬው መዝገብ ሐይቅ ውስጥ ይቆይ፤ ነገ የሚነሣውን ጥያቄ ዛሬ ማንም አያውቅም። የሰው ደመወዝ፣ ግብር ወይም ታሪፍ የሚወሰንበት ቁጥር ግን ተጣርቶ፣ የእያንዳንዱ ዓምድ ትርጉም ተጽፎለት መጋዘን ይግባ። ሐይቁን በቀጥታ የምትጠይቁ ከሆነ አቴና ከእያንዳንዱ መልስ ጋር ምን ያህል ዳታ እንዳነበበ ያሳያል፤ መልሱን ከማየታችሁ በፊት እሱን ተመልከቱ።