አለቃ ስለ ሠራተኛው ጉድለት ሲጽፍ

በዛሬው ንግግራችን የምናብራራው አንድ አለቃ በሥሩ ለሚሠራ ሰው ስለ ሥራው ጉድለት የሚጽፈውን ደብዳቤ ነው። የቃል ተግሣጽ ቢያስቀይምም ቀን ሲያልፍ ይረሳል። ጽሑፍ ግን በሠራተኛው የግል ማኅደር ውስጥ ይቀመጣል፤ ጸሐፊው ወደ ሌላ ቦታ ከተዛወረ በኋላ እንኳ፣ ሠራተኛውን ፈጽሞ ለማያውቅ አዲስ ሹም ይመሰክራል።

ነገሩ ግልጽ እንዲሆን፣ በአንድ መሥሪያ ቤት ወጪ ደብዳቤዎችን የሚመዘግብና የሚልክ የመዝገብ ቤት ሠራተኛ አለ እንበል። አለቃው ደብዳቤዎች መዘግየታቸውን ከባለጉዳዮች ሰምቶ በቁጣ እንዲህ ሲል ጻፈለት፦ «ሁልጊዜ በቸልተኝነት የሚሠሩ በመሆንዎ የመሥሪያ ቤቱን ስም አጉድፈዋል። ወደፊት እንዲታረሙ በጥብቅ እናሳስባለን።» ሠራተኛው ይህን ሲያነብ የትኛው ደብዳቤ፣ በየትኛው ቀን እንደ ዘገየ አያውቅም፤ ስለዚህ የሚያርመውን አያገኝም። «ሁልጊዜ» የሚለው ቃል በሰዓቱ በወጣ በአንድ ደብዳቤ ብቻ ሐሰት ይሆናል። «ቸልተኝነት» የሚለውም በጠባዩ ላይ የተሰጠ ፍርድ እንጂ ስለ ሥራው የተነገረ ማስረጃ አይደለም። እንዲህ ያለ ደብዳቤ የደረሰው ሰው ሥራውን ከማሻሻል ይልቅ ክብሩን ለመከላከል ይነሣል።

ጆን ፍላናጋን የተባለ አሜሪካዊ የሥነ ልቡና ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1954 ባሳተመው ጽሑፍ፣ የሰውን ሥራ የሚመዝን ሰው ጠባይን ከመግለጽ ይልቅ የታየውን ድርጊት፣ ድርጊቱ የተፈጸመበትን ሁኔታና ያስከተለውን ውጤት መዝግቦ እንዲይዝ የሚያስችል ዘዴ አቅርቧል። እኛም ይህንኑ በምሳሌያችን ላይ እንሞክረው።

አለቃው ብዕሩን ከማንሣቱ በፊት የወጪውን መዝገብ አስመጥቶ ይመለከታል። በጥቅምት ወር ከወጡት 60 ደብዳቤዎች መካከል የዘገዩት 8 ናቸው። ለፊርማ የቀረቡበትንና ተፈርመው የተመለሱበትን ቀን ሲያስተያይ ግን 5ቱ የዘገዩት በራሱ ጠረጴዛ ላይ ሆነው ነው። የቀሩት 3ቱ ሁሉም ዓርብ ከሰዓት በኋላ ተፈርመው ረቡዕ የወጡ ናቸው፤ ሰኞ የሚመጡት አዲሶቹ በላያቸው ስለሚደረቡ የዓርቦቹ ከሥር ይቀራሉ። እንግዲህ የጉድለቱ መጠንና ምክንያት በመዝገቡ ተገለጠ ማለት ነው። ደብዳቤውም እንዲህ ይሆናል፦

«በጥቅምት ወር ከወጡት 60 ደብዳቤዎች 8ቱ ዘግይተዋል። ከነዚህ 5ቱ የዘገዩት የእኔን ፊርማ ሲጠብቁ ስለ ሆነ እርስዎን አይመለከቱም። 3ቱ ግን ዓርብ ተፈርመው የወጡት ረቡዕ ነው፤ አንደኛው የጡረታ ጉዳይ ስለ ነበረ ባለጉዳዩ ሁለት ጊዜ በከንቱ ተመላልሰዋል። ከኅዳር 1 ቀን ጀምሮ የዓርብ ደብዳቤዎች ሰኞ ከጠዋቱ 4 ሰዓት በፊት እንዲወጡ እጠይቃለሁ። ይህን የሚያሰናክል ነገር ካለ ይንገሩኝ። በወሩ መጨረሻ መዝገቡን አብረን እናያለን።»

በዚህ ደብዳቤ ውስጥ ጉድለቱ አልተሸፋፈነም፤ በባለጉዳዩ ላይ የደረሰውም እንግልት ተጽፏል። ነገር ግን ሠራተኛው በሌላ ሰው ጥፋት አልተከሰሰም፤ ከሰኞ ጀምሮ የሚሠራውንም ያውቃል።

ማዋረድ የሚመጣው በቃላት ብቻ አይደለም። ደብዳቤው ከሥሩ ለአራት ክፍሎች «ግልባጭ» ተብሎ ቢበተን ወይም ሳይታሸግ በተላላኪ እጅ ቢላክ፣ ሠራተኛው ሳያነበው ባልደረቦቹ አንብበው ይጠብቁታል። ስለዚህ አለቃው አስቀድሞ ለብቻው ጠርቶ በቃል ይንገረው፤ ከዚያም በታሸገ ፖስታ ይስጠው። አሽሙርም ከደብዳቤ ይራቅ፤ ሰምና ወርቅ ያለው ነገር ለቅኔ ያምራል እንጂ፣ ስለ ሥራ ሲጻፍ ሠራተኛውን ወርቁን ሲፈልግ ያስቸግረዋል።

ይህ ዓይነቱ ደብዳቤ ግን ለሁሉ አይበቃም። ገንዘብ ማጉደል ወይም ሰነድ መሰረዝና መደለዝ ሲያጋጥም፣ ጉዳዩ ሠራተኛው መልስ በሚሰጥበት በዲስፕሊን ሥርዓት ይታያል እንጂ በምክር ደብዳቤ አይታለፍም።

አለቃው ደብዳቤውን ከመፈረሙ በፊት አንድ መፈተኛ አለው። ሠራተኛውን የማያውቅ ሰው ደብዳቤውንና መዝገቡን ይዞ የተባሉትን 3 ደብዳቤዎች በጣቱ ለማመልከት ከቻለ፣ ጽሑፉ በቂ ማስረጃ አለው። የኅዳር ወር ሲያልቅ የዓርብ ደብዳቤዎች በሰዓቱ ወጥተው ከተገኙ ደግሞ ያንኑ በሁለት መስመር ጽፎ ከፊተኛው ጋር ያያይዘው። አለዚያ ማኅደሩን ወደፊት የሚከፍተው ሹም ጉድለቱን ብቻ አንብቦ፣ መታረሙን ሳያውቅ ይፈርዳል።