በጆሮ አንድ፥ በጽሕፈት ሦስት የሆኑ የእንግሊዝኛ ቃላት
(በሬዲዮ ከተሰጠ ንግግር የተወሰደ)



በየመሥሪያ ቤቱ በቃል የተነገረውን የእንግሊዝኛ ደብዳቤ የሚጽፍ፥ ወይም በስልክ የሰማውን በማስታወሻ የሚይዝ ሰው፥ አንድ ችግር ሳያጋጥመው አይቀርም። ቃሉን አጥርቶ ይሰማዋል፤ ትርጉሙንም ያውቀዋል፤ ነገር ግን ብዕሩን ባነሣ ጊዜ በየትኛው ፊደል እንደሚጽፈው ይጠፋዋል። የዛሬው ንግግራችን ስለዚሁ ነው።

አንድ ዐረፍተ ነገር ምሳሌ እናድርግ፤ «ዜር ዌይቲንግ ዜር ፎር ዜር ሌተር።» ትርጉሙ «ደብዳቤያቸውን እዚያ እየጠበቁ ናቸው» ማለት ነው። ጆሯችን «ዜር» የሚለውን አንድ ድምፅ ሦስት ጊዜ ሰማ። በጽሕፈት ግን ሦስቱ የተለያዩ ናቸው። የመጀመሪያው ቲ-ኤች-ኢ-ዋይ ተብሎ፥ ከላይ ትንሽ ጭረት ተሰቅሎበት፥ አር-ኢ ይከተለዋል። ሁለተኛው ቲ-ኤች-ኢ-አር-ኢ ነው። ሦስተኛው ቲ-ኤች-ኢ-አይ-አር ነው።

ይህ ነገር ለእኛ እንግዳ ሊሆንብን አይገባም። በግዕዝ «ሠረቀ» በንጉሡ ሠ ሲጻፍ ወጣ፥ ብርሃን ሰጠ ማለት ነው፤ በእሳቱ ሰ ሲጻፍ ግን ሌብነት ነው። በጥንት ዘመን ሁለቱ ፊደላት የየራሳቸው ድምፅ ነበራቸው፤ በአማርኛ ድምፃቸው አንድ ሆነ፥ መልካቸው ግን ቀረ። በእንግሊዝኛም የደረሰው ይኸው ነው። «እዚያ» የሚለው ቃል የጥንቱ የእንግሊዞች ቃል ነው። «የእነርሱ» የሚለው ግን ከሰሜን ባሕር ማዶ በ9ኛው መቶ ዓመት እንግሊዝ አገር ገብተው ከሰፈሩት ከስካንዲናቪያ ሰዎች የተወሰደ ነው። ሦስተኛው የሁለት ቃላት አጭር መልክ ነው። እንግዲህ ሦስቱ በየራሳቸው መንገድ መጥተው በድምፅ ተገናኙ፤ ጽሕፈታቸው ግን የመጡበትን እንደ ያዘ ቀረ።

ለመለየት የሚበጀው መጀመሪያ ከሦስቱ ቀላሉን ማጥራት ነው። የተሰቀለችው ጭረት የወደቀ ፊደል ምልክት ናት፤ የወደቀውም የ«አር» መነሻ የሆነው ኤ ነው። ስለዚህ «ዜር» በሚለው ምትክ ቃሉን ዘርግተን «ዜይ አር» ብንል ዐረፍተ ነገሩ ሳይናጋ ከቆመ፥ ጭረት ያለበት ነው። ካልቆመ ከሁለቱ አንዱ ነው። ያን ጊዜ ወደ አማርኛ እንመልሰው። «የእነርሱ» ወይም «ደብዳቤያቸው» እንደሚለው ያለ የባለቤትነት ምልክት ከወጣን፥ ቲ-ኤች-ኢ-አይ-አር ነው። በዚህ ቃል ውስጥ ከቲ ቀጥሎ ያሉት አራት ፊደላት ለብቻቸው ሲነበቡ «ወራሽ» የሚል የእንግሊዝኛ ቃል ይሆናሉ፤ ወራሽም ባለ ንብረት ነውና ለማስታወስ ይረዳል። «እዚያ» ከወጣን ግን ቲ-ኤች-ኢ-አር-ኢ ነው፤ «እዚህ» እና «የት» የሚሉት የእንግሊዝኛ ቃላትም በነዚሁ በኤች-ኢ-አር-ኢ ይጨርሳሉ።

ነገር ግን እዚህ ላይ አንድ ወጥመድ አለ። እንግሊዞች «ዜር ኢዝ ኤ ሎው» ሲሉ እኛ የምንለው «ሕግ አለ» ብቻ ነው። በአማርኛው ውስጥ «እዚያ» የሚል ቃል ስለማይገኝ፥ በትርጉም ብቻ የሚመራ ጸሐፊ ይሳሳታል። ስለዚህ የአማርኛው ትርጉም «አለ»፥ «የለም»፥ «ነበረ» በሆነ ጊዜ ሁሉ፥ የቦታው ጽሕፈት፥ ማለት በኢ የሚጨርሰው፥ እንደሚገባ ማወቅ ነው።

አሁን ደግሞ ሰው በጆሮው ብቻ የሰማውን ቃል ጽሕፈት እንዴት ፈልጎ እንደሚያገኝ እንመልከት። አንድ ሹም ለጸሐፊው በቃል ሲያስጽፍ «ፕሊዝ ሳይት ዚ አርቲክል» አለው እንበል፤ «እባክዎ አንቀጹን ይጥቀሱ» ማለቱ ነው። ጸሐፊው «ሳይት» የሚለውን ቃል በሕንፃ ሥራ ቦታ ስም ደጋግሞ ስላየው፥ ኤስ-አይ-ቲ-ኢ ብሎ ጻፈው። ደብዳቤው የደረሰው ሰው ግን የሚያነበው አንቀጹ ይጠቀስ የሚል ሳይሆን አንቀጹ ቦታ ይሰጠው የሚል ነው። የፊደል ስሕተት መርማሪው ኮምፒዩተር እንኳ ቃሉን ለብቻው የሚያይ ከሆነ ምንም አይናገርም፤ የተጻፈው በራሱ ትክክለኛ ቃል ነውና።

ጸሐፊው ማድረግ የነበረበት ምንድን ነው? መጀመሪያ፥ ቃሉ በዐረፍተ ነገሩ ውስጥ ምን ሥራ እንደሚሠራ መጠየቅ ነው። «ፕሊዝ» ከሚለው ቀጥሎ የሚመጣው ትእዛዝ ነው፤ ስለዚህ የሚፈለገው ግሥ እንጂ የቦታ ስም አይደለም። ሁለተኛ፥ በእንግሊዝኛ የቃል መነሻ ላይ የ«ሰ» ድምፅ በስንት መንገድ እንደሚጻፍ ማሰብ ነው። በኤስ ይጻፋል፤ ኢ፥ አይ ወይም ዋይ ሲከተለው በሲ ይጻፋል፤ እንደ «ሳይንስ» በኤስ-ሲ፥ እንደ «ሳይኮሎጂ» በፒ-ኤስ የሚጻፍም አለ። ሦስተኛ፥ መዝገበ ቃላቱን በነዚህ ፊደላት በየተራ መግለጥ ነው። ይህን ሲያደርግ አንድ ሳይሆን ሦስት «ሳይት» ያገኛል፤ በኤስ-አይ-ቲ-ኢ ቦታ፥ በኤስ-አይ-ጂ-ኤች-ቲ እይታ፥ በሲ-አይ-ቲ-ኢ መጥቀስ። ብዙ ሰው የሚሳሳተው የመጀመሪያውን ሲያገኝ ትርጉሙን ሳያነብ መዝገቡን ስለሚዘጋ ነው።

አራተኛው፥ የተገኘውን በዘመዱ መመስከር ነው። የመጥቀስ ስም «ሳይቴሽን» በሲ ይጀምራል። የቦታው ዘመድ «ሲቹዌሽን»፥ ማለት ሁኔታ፥ በኤስ-አይ-ቲ ይጀምራል። ሁለቱም ከላቲን የመጡ ናቸው። የእይታው ቃል ግን «ሲ» ከሚለው «ማየት» ጋራ የተዛመደ የጥንት እንግሊዝኛ ነው። በመካከሉ የሚታዩት ጂ እና ኤች ዛሬ ድምፅ የላቸውም፤ በጥንት ዘመን ግን የእኛን ኸ የመሰለ ድምፅ ነበራቸው። ዊልያም ካክስተን በ1476 ዓ.ም. እንደ አውሮፓ አቆጣጠር የማተሚያ መሣሪያ ወደ እንግሊዝ አገር ካስገባ በኋላ፥ ጽሕፈቱ እየጸና ሲሄድ ድምፁ እየተለወጠ ሄደ፤ ስለዚህ የሞተው ድምፅ መቃብሩን በፊደል ትቶ ቀረ።

ይህ ዘዴ ወሰን አለው። ለአንዱ ጆሮ አንድ የሆነው ለሌላው ሁለት ሊሆን ይችላል። በደቡብ እንግሊዝ ሰዎች አነጋገር «ፍርድ ቤት» እና «ያዘ» የሚሉት ቃላት ሁለቱም «ኮት» ተብለው ረዘም ብለው ይሰማሉ፤ አሜሪካዊ ግን በፍርድ ቤቱ ቃል ውስጥ አር የሚለውን ፊደል አጥርቶ ስለሚናገር አይምታታበትም። ስለዚህ ተናጋሪው ከወዴት እንደ ሆነ ማወቅም ይጠቅማል።

የሰውና የአገር ስም ሲሆን ደግሞ መገመት አይገባም፤ ተናጋሪው ፊደል በፊደል እንዲነግር መጠየቅ ነው። በስልክ ቢ፥ ዲ፥ ፒ እና ቲ ስለሚመሳሰሉ፥ አውሮፕላን ነጂዎች ከ1956 ዓ.ም. እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ጀምሮ «አልፋ፥ ብራቮ፥ ቻርሊ» እያሉ እያንዳንዱን ፊደል በሙሉ ቃል ይጠሩታል። ጸሐፊም ሰምቶ ከተጠራጠረ «ቢ እንደ ብራቮ ነውን?» ብሎ ቢጠይቅ፥ ከፊርማ በኋላ ተመልሶ ከሚመጣ ደብዳቤ ይድናል።