ዝናብ የማያልፈው መጋጠሚያ፦ የአሉሚኒየም መስኮት በብሎኬት ግድግዳ ላይ

የአሉሚኒየም መስኮት ዝናብ ማስገባት ሲጀምር ጥፋቱ መጀመሪያ የሚፈለገው በመስታወቱና በጎማው ላይ ነው። ውሃው ግን በአብዛኛው የሚገባው ፍሬሙና ግድግዳው በሚገናኙበት ጠባብ መስመር፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ በታችኛው ጎን ነው። አዲስ አበባን በመሳሰሉ ከተሞች ግድግዳው በአብዛኛው ክፍት ሆድ ካለው ብሎኬት ይሠራል። በዚያ ላይ የዓመቱ ዝናብ አብዛኛው ከሰኔ እስከ መስከረም ተከታትሎ ይወርዳል። ስለዚህ ይህ መስመር ከመስኮቱ ጥራት ባላነሰ ጥንቃቄ ሊሠራ ይገባል።

ውሃ ወደ ቤት የሚገባው ቁልቁል በመፍሰስ ብቻ አይደለም። ጠባብ ስንጥቅ ውሃን በራሱ ይስባል፤ ነፋስም ከውጭ ይገፋዋል። በሰዓት 46 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚነፍስ ነፋስ ግድግዳ ላይ ሲያርፍ የሚፈጥረው ግፊት ውሃን 1 ሴንቲ ሜትር ያህል ሽቅብ ማንሳት ይችላል። በፍሬሙ ሥር ትንሽ ቀዳዳ ካለና አየር እንደ ልብ የሚያልፍበት ከሆነ ውሃው ነፋሱን ተከትሎ ይገባል። በዚህ ምክንያት ጥሩ መጋጠሚያ ሁለት መስመር አለው። የውጩ መስመር ዝናቡን መልሶ ያፈስሳል፤ የውስጡ መስመር ደግሞ የአየሩን መንገድ ይዘጋል። በውጭ ብቻ የተቀባ ሲልከን አንድ ቦታ ሲላቀቅ ከኋላው የሚጠብቅ ነገር የለም።

ሥራው የሚጀምረው መስኮቱ ከመድረሱ በፊት ደፉን በማዘጋጀት ነው። ከመስኮቱ በታች ያለው የመጨረሻው ረድፍ ብሎኬት ሆዱ በኮንክሪት መሞላት አለበት። ካልተሞላ በደፉ በኩል የሰረገ ውሃ በብሎኬቶቹ ሆድ ውስጥ ቁልቁል ይወርድና ከመስኮቱ ርቆ፣ አንዳንዴም በታችኛው ፎቅ ግድግዳ ላይ ይወጣል። ያኔ ምንጩን ማግኘት አስቸጋሪ ይሆናል። በተሞላው ብሎኬት ላይ በሲሚንቶ የሚበጠበጥ የውሃ መከላከያ ቅብ ይቀባል። ቅቡ በሁለቱም ጎን ግድግዳውን ይዞ 10 ሴንቲ ሜትር ያህል ወደ ላይ እንዲወጣ ይደረጋል፤ የደፉ ጥግ ቀድሞ የሚሰነጠቅ ቦታ ነውና።

በቅቡ ላይ የሚያርፈው የእብነ በረድ ወይም የቴራዞ ደፍ ወደ ውጭ ማዘንበል አለበት። 15 ሴንቲ ሜትር ስፋት ላለው ደፍ የ1 ሴንቲ ሜትር ዝቅታ ይበቃል። ጫፉ ከልስኑ ፊት ከ3 እስከ 4 ሴንቲ ሜትር ወጣ ይላል፤ በሆዱ በኩል ከጫፉ ትንሽ ገባ ብሎ ጠባብ ቦይ ይቆረጥበታል። ቦዩ ከሌለ ውሃው የደፉን ሆድ ተከትሎ ወደ ግድግዳው ይመለሳል፤ ካለ ግን እዚያው ሲደርስ ይንጠባጠባል። ከመስኮቱ በላይ ያለው የኮንክሪት አግዳሚም በውጭ ጫፉ ላይ ተመሳሳይ ቦይ ያስፈልገዋል።

ከዚህ ሁሉ ይልቅ ብዙ ጊዜ የሚዘነጋው ከፍሬሙ ኋላ ሊኖር የሚገባው እርከን ነው። ደፉ ከውጭ እስከ ውስጥ አንድ ወጥ ጠፍጣፋ ድንጋይ ከሆነ በፍሬሙ ሥር የሾለከ ጠብታ ሁሉ በቀጥታ ወደ ክፍሉ ያልፋል። የውስጡ ክፍል ከ2 እስከ 3 ሴንቲ ሜትር ከፍ ብሎ ፍሬሙ ከፊቱ ቢያርፍ ግን ውሃው እርከኑ ላይ ደርሶ በቁልቁለቱ ወደ ውጭ ይመለሳል። ሲልከኑ ቢያረጅ እንኳ ይህ እርከን ሥራውን ይቀጥላል።

ቀጥሎ የሚመጣው ልኬት ነው። ፍሬሙ ከግድግዳው ጋር ተጣብቆ እንዲገባ መቁረጥ ጥራት ይመስላል፤ በእውነቱ ግን የፍሳሽ መነሻ ነው። አሉሚኒየም በሙቀት የሚለጠጠው ከኮንክሪት ከእጥፍ በላይ ነው። ልስኑ ካለቀ በኋላ 150 በ120 ሴንቲ ሜትር የሆነ የመስኮት ቦታ እንውሰድ። ፍሬሙ 148 በ118 ሴንቲ ሜትር ሆኖ ቢቆረጥ በአራቱም ጎን 10 ሚሊ ሜትር ክፍተት ይቀራል። ጠቆር ያለ ቀለም ያለው ፍሬም ንጋት ላይ ከነበረው ሙቀት ከሰዓት በኋላ በፀሐይ 50 ዲግሪ ሊጨምር ይችላል። በዚህ ጊዜ የ148 ሴንቲ ሜትሩ አግዳሚ 1.8 ሚሊ ሜትር ያህል ይረዝማል፤ ይህም ለሁለቱ ጎኖች ሲካፈል ለእያንዳንዳቸው 0.9 ሚሊ ሜትር ይደርሳል። ደህና የሚባል ሲልከን የስፋቱን ሩብ ያህል እየተሳበና እየተጨመቀ ይችላል። ክፍተቱ 10 ሚሊ ሜትር ከሆነ የሚችለው 2.5 ሚሊ ሜትር ስለሆነ እንቅስቃሴው ምንም አያደርገውም። ክፍተቱ 3 ሚሊ ሜትር ብቻ ከሆነ ግን የሚችለው 0.75 ነው፤ በየቀኑ ከአቅሙ በላይ እየተሳበ ከጊዜ በኋላ ከአንዱ ጎን ይላቀቃል።

የመስኮቱ ቦታ የሚለካው ልስኑ ካለቀ በኋላ ሲሆን ወርዱም ቁመቱም ቢያንስ በሦስት ቦታ ይወሰዳል፤ ፍሬሙ የሚቆረጠውም በትንሹ ልክ ነው። ልስኑ ደርቆ መጠበቁም ጥቅም አለው። እርጥብ ሲሚንቶ አሉሚኒየምን ይበላል፤ በቀለሙም ላይ የማይለቅ ነጭ ጠባሳ ይተዋል። ስለዚህ በፍሬሙ ዙሪያ ያለውን ክፍተት በሲሚንቶና በአሸዋ ድብልቅ መድፈን የተለመደ ቢሆንም መተው ያለበት አሠራር ነው። ድብልቁ ብረቱን ከመጉዳቱም በላይ ሲደርቅ ስለሚሸማቀቅ ለዓይን የማይታይ ስንጥቅ ይተዋል፤ ውሃን ወደ ውስጥ የሚስበውም እንዲህ ያለው ስንጥቅ ነው።

ፍሬሙ ቦታው ሲገባ በፕላስቲክ ሽብልቆች ላይ ያርፋል፤ በውሃ ልክና በቱንቢ ይስተካከላል፤ ከጥግ እስከ ጥግ ያሉት ሁለት ሰያፍ ልኮች እኩል መሆናቸውም ይታያል። ብሎኖቹ ከጥግ 15 ሴንቲ ሜትር ያህል ርቀው ይጀምራሉ፤ በመካከላቸውም ከ60 ሴንቲ ሜትር በላይ ርቀት አይኖርም። በተነሣንበት መስኮት በላይኛው አግዳሚና በሁለቱ ቋሚዎች ለእያንዳንዳቸው ሦስት ሦስት ብሎን ይበቃል። እያንዳንዱ ብሎን አጠገብ ሽብልቅ ካልተደረገ ብሎኑ ሲጠብቅ ፍሬሙ ወደ ግድግዳው ይጎብጣል። ብሎኖቹ ዝገት ከማይነካው ብረት ቢሆኑ ይመረጣል፤ ተራ ብረት እርጥበት ባለበት ከአሉሚኒየም ጋር ሲገናኝ ጉዳቱን ያፋጥናል። የታችኛውን አግዳሚ ከላይ በስቶ ማሰር ግን አይገባም። በተንሸራታች መስኮት ሐዲድ ውስጥ ውሃ ስለሚጠራቀም እያንዳንዱ የብሎን ቀዳዳ ወደ ግድግዳ የሚወስድ መፍሰሻ ይሆናል።

ሲልከን ተራው የሚደርሰው ከዚህ በኋላ ነው። በመጀመሪያ ከክፍተቱ ትንሽ የሚወፍር ክብ የፎም ገመድ ይጨመራል፤ ለ10 ሚሊ ሜትር ክፍተት 13 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ይሆናል። ገመዱ ሲልከኑ በጥልቀት እንዳይባክን ያደርጋል። ከዚያም በላይ ሲልከኑ ከፍሬሙና ከግድግዳው ጋር ብቻ ተጣብቆ ከኋላው ነፃ እንዲሆን ይረዳዋል። በሦስት ወገን የተያዘ ሲልከን መለጠጥ ስለማይችል ይቀደዳል። ጥልቀቱ 6 ሚሊ ሜትር ከሆነ ባለ 300 ሚሊ ሊትር አንድ ቱቦ 5 ሜትር ይሸፍናል። የመስኮቱ ዙሪያ 5.32 ሜትር ስለሆነ ለውጩና ለውስጡ መስመር ሦስት ቱቦ ማስፈለጉ ነው። ለአንድ መስኮት ግማሽ ቱቦ ብቻ ካለቀ ሲልከኑ እንዲሁ በላይ በላዩ ተቀብቷል ማለት ነው።

የሲልከኑ ዓይነትም ለውጥ ያመጣል። ሲቀባ የኮምጣጤ ሽታ ያለው ዓይነት ለመስታወት ይሆናል እንጂ ለሲሚንቶ አይስማማም፤ አሲዱ ከሲሚንቶው ጋር ስለሚዋጋ ከልስኑ ይላቀቃል። ለግድግዳ የሚመረጠው አሲድ የሌለው፣ ለውጭ አየር የተሠራው ነው። የሚቀባበት ቦታ ደረቅ፣ ከአቧራ የጸዳና በቀለም ያልተሸፈነ መሆን አለበት። በቀለም ላይ የተቀባ ሲልከን የሚቆየው ቀለሙ እስኪላጥ ድረስ ብቻ ነው። ከቀቡትም በኋላ ወዲያው በመሣሪያ ጫን አድርጎ ማለስለስ ከሁለቱም ጎን አጥብቆ እንዲይዝ ያደርገዋል። እየተነፋ የሚሞላው ፎም ከመሃል ለመሙላት ይረዳል፤ ይሁንና ለብቻው ዝናብ አያግድም፤ ፀሐይም ያፈራርሰዋል። ከመጠን በላይ ከተነፋም ፍሬሙን ያጎብጠዋል።

ማሸግ የማይገባውም አለ። በታችኛው አግዳሚ ፊት ላይ ያሉት ትናንሽ ቀዳዳዎች በሐዲዱ ውስጥ የተጠራቀመውን ውሃ ወደ ውጭ ያፈስሳሉ። በሲልከን ወይም በሲሚንቶ ሲደፈኑ ሐዲዱ ሞልቶ ወደ ክፍሉ ይገነፍላል። ባለቤቱም መስኮቱ በደንብ አልታሸገም ብሎ ሌላ ሲልከን ያስቀባበታል፤ ችግሩም ይብሳል። የፍሬሙ የታች ጥጎች ግን ሲገጣጠሙ ከውስጥ መታሸግ አለባቸው። ይህን ከመትከል በፊት ማረጋገጥ ቀላል ነው፦ ቀዳዳዎቹን ለጊዜው ደፍኖ ሐዲዱን ውሃ መሙላትና በጥጎቹ በኩል ጠብታ መውጣት አለመውጣቱን ማየት።

ሲልከኑ ከደረቀ በኋላ መስኮቱ በውሃ ጎማ ይፈተናል። ፍተሻው ከታች ወደ ላይ ይሄዳል። መጀመሪያ ደፉ፣ ቀጥሎ የታችኛው መጋጠሚያ፣ ከዚያ ጎኖቹ፣ በመጨረሻም የላይኛው ለየብቻቸው አሥር ደቂቃ ያህል ውሃ ይፈስባቸዋል፤ አንድ ሰው ከውስጥ ሆኖ ይከታተላል። ከላይ ቢጀመር ውሃው ሁሉንም ስለሚያረጥብ የገባበት ቦታ አይለይም። እርጥበቱ የሚታይበት ስፍራም ይናገራል። ከመስኮቱ በታች ባለው ልስን መሃል ላይ ከሆነ የሚጠረጠረው ደፉ ነው። ከታች ጥግ ከሆነ የፍሬሙ መገጣጠሚያ ወይም የደፉ ጫፍ ነው። ሐዲዱ ሞልቶ ከታየ ቀዳዳዎቹ ተደፍነዋል። ከላይ ከሆነ ደግሞ የአግዳሚው ቦይ ወይም የላይኛው መስመር ይታያል። አሮጌ ሲልከን ሲታደስ በላዩ ላይ መደረብ አይሠራም፤ አዲሱ አሮጌውን አጥብቆ ስለማይዝ የቀድሞው ተፍቆ ሙሉ በሙሉ ይነሣል፤ ቦታው ከጸዳና ከደረቀ በኋላ ገመዱ ታይቶ መስመሩ እንደገና ይሞላል። ይህም የሚሠራው ግድግዳው ደርቆ በሚቆይበት በበጋ ነው።