ሲሎጂዝምን በተደራራቢ ክበቦች መፈተሽ፦ የጠቆረ፣ የተመለከተና ባዶ ክፍል ንባብ

ሲሎጂዝም ከሁለት መነሻ ዓረፍተ ነገሮች አንድ መደምደሚያ የሚያወጣ የአመክንዮ ቅርጽ ነው። የሚጠቀምባቸው ዓረፍተ ነገሮች አራት ዓይነት ብቻ ናቸው፤ እነርሱም «ሁሉም ሀ ለ ነው»፣ «አንድም ሀ ለ አይደለም»፣ «አንዳንድ ሀ ለ ነው» እና «አንዳንድ ሀ ለ አይደለም» የሚሉት ናቸው። በጠቅላላው ሦስት ቃላት ይገኛሉ። ከሦስቱ በሁለቱም መነሻዎች ገብቶ በመደምደሚያው የማይታየው አገናኝ ቃል ይባላል። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ እንዲህ ያለ አመክንዮ በተደራራቢ ክበቦች እንዴት እንደሚፈተሽና ንባቡ በተለይ የት ላይ እንደሚሳሳት ማሳየት ነው።

በ18ኛው ክፍለ ዘመን ሊዮንሃርድ ኦይለር የዓረፍተ ነገሮቹን ግንኙነት ያሳይ የነበረው አንዱን ክበብ በሌላው ውስጥ በማስገባት ወይም ሁለቱን በመለያየት ነበር። ጆን ቬን በ1880 እ.ኤ.አ. ያቀረበው ዘዴ ግን አካሄዱን ለወጠው። በቬን ዘዴ ሦስቱ ክበቦች ምንጊዜም በአንድ ዓይነት አቀማመጥ ይደራረባሉ፤ የውጩን ጨምሮ ስምንት ክፍሎችም ይፈጥራሉ። መረጃው የሚገለጸው በክበቦቹ ቦታ ሳይሆን በክፍሎቹ ላይ በሚደረግ ምልክት ነው። የጠቆረ ክፍል «በዚህ ውስጥ ምንም ነገር የለም» ማለት ነው። ቻርልስ ፐርስ ካደረገው ማሻሻያ የመጣው የመስቀል ምልክት (×) ደግሞ «በዚህ ውስጥ ቢያንስ አንድ ነገር አለ» ይላል። ምንም ያልተደረገበት ክፍል ስለመኖርም ስለ አለመኖርም አይናገርም። አብዛኛው ስሕተት የሚመነጨው ይህን ሦስተኛውን ትርጉም ከመጀመሪያው ጋር ከማደባለቅ ነው።

ሁለት መነሻዎችን እንውሰድ፦ «አንድም ወፍ አጥቢ አይደለም»፤ «አንዳንድ በራሪ እንስሳት ወፎች ናቸው»። የወፎች፣ የአጥቢዎችና የበራሪዎች ክበቦች ይሣላሉ። የመጀመሪያው መነሻ የወፎችና የአጥቢዎች ክበቦች የሚጋሩትን ስፍራ በሙሉ ያጠቁራል። ይህ ስፍራ የበራሪዎች ክበብ የሚከፍለው ስለሆነ የሚጠቁሩት ሁለት ክፍሎች ናቸው። ሁለተኛው መነሻ በራሪዎችና ወፎች በሚጋሩት ስፍራ × እንዲደረግ ይጠይቃል። ከዚህ ስፍራ ግማሹ አስቀድሞ ስለጠቆረ × የሚያርፍበት አንድ ክፍል ብቻ ይቀራል፤ እርሱም በራሪ፣ ወፍ፣ ግን አጥቢ ያልሆነ ነው። «አንዳንድ በራሪ እንስሳት አጥቢ አይደሉም» የሚለው መደምደሚያ ተጨማሪ ምልክት ሳያስፈልገው ከሥዕሉ ይነበባል፤ ስለዚህም ትክክል ነው። «አንድም በራሪ እንስሳ አጥቢ አይደለም» የሚለው ግን አይነበብም። በራሪም አጥቢም ሆኖ ወፍ ያልሆነው ክፍል ባዶውን ቀርቷልና። በእውነታው ዓለም በዚህ ክፍል የሌሊት ወፍ ይገኛል፤ መነሻዎቹ ግን ስለ እርሱ ምንም አልተናገሩም።

የቅደም ተከተሉ ሕግ ከዚሁ ይገኛል፤ «ሁሉም» እና «አንድም» የሚሉ መነሻዎች ከ«አንዳንድ» በፊት ይሣላሉ። ማጥቆር አማራጭን ይቀንሳል፤ × ደግሞ የተቀነሰውን አማራጭ ይጠብቃል። በተቃራኒው የጀመረ ሰው ×ን ከሁለት ክፍሎች በየትኛው እንደሚያኖር ማወቅ አይችልም።

አንዳንድ ጊዜ ግን ቅደም ተከተሉ ተጠብቆም × ቦታ አያገኝም። «ሁሉም ወፎች እንቁላል ይጥላሉ፤ አንዳንድ በራሪ እንስሳት እንቁላል ይጥላሉ፤ ስለዚህ አንዳንድ በራሪ እንስሳት ወፎች ናቸው» ቢባል ሦስቱም ዓረፍተ ነገሮች እውነት ናቸው፤ አንባቢም በቀላሉ ይስማማል። በሥዕሉ ላይ ከእንቁላል ጣዮች ክበብ ውጭ ያለው የወፎች ክፍል ይጠቁራል። ቀጥሎ × በራሪዎችና እንቁላል ጣዮች በሚጋሩት ስፍራ መግባት ሲኖርበት የወፎች ክበብ መስመር ያንን ስፍራ ለሁለት ይከፍለዋል፤ ሁለቱም ክፍሎች አልጠቆሩም። በዚህ ጊዜ × በመስመሩ ላይ ይደረጋል፤ ትርጉሙም «ከሁለቱ ቢያንስ በአንዱ ውስጥ አለ፤ በየትኛው እንደሆነ ግን አልተነገረም» ነው። መደምደሚያው × በወፎች ክበብ ውስጥ መሆኑን ስለሚጠይቅ አመክንዮው ትክክል አይደለም። «በራሪ እንስሳት» በሚለው ፋንታ «እባቦች» ቢገባ ጉድለቱ ይገለጣል። አንዳንድ እባቦች እንቁላል መጣላቸው እውነት ነው፤ ወፎች መሆናቸው ግን ሐሰት ነው። የመደምደሚያው እውነትነት ከአመክንዮው ትክክለኛነት የተለየ መሆኑን በመስመሩ ላይ ያለው × በግልጽ ያሳያል።

ሦስተኛው ጉዳይ ሁለቱም መነሻዎች በ«ሁሉም» ሲጀምሩ የሚነሣው ነው። «ሁሉም የሌሊት ወፎች አጥቢ ናቸው፤ ሁሉም የሌሊት ወፎች በራሪ ናቸው፤ ስለዚህ አንዳንድ በራሪዎች አጥቢ ናቸው»። ሁለቱ መነሻዎች ከተጠቆሩ በኋላ በሌሊት ወፎች ክበብ ውስጥ ያልጠቆረው ሦስቱ ክበቦች የሚጋሩት ክፍል ብቻ ነው፤ ነገር ግን × የለበትም። በዘመናዊው ንባብ «ሁሉም» ስለ መኖር ስለማይናገር መደምደሚያው አይከተልም። በጥንታዊው የአሪስቶትል ወግ ግን ይከተላል፤ የሚጠቀሰው ዓይነት ቢያንስ አንድ አባል እንዳለው ይታሰባልና። ልዩነቱ የሚታየው ክበቡ ባዶ ሲሆን ነው። «ሁሉም ባለ ክንፍ ፈረሶች ፈረሶች ናቸው፤ ሁሉም ባለ ክንፍ ፈረሶች ክንፍ አላቸው፤ ስለዚህ አንዳንድ ፈረሶች ክንፍ አላቸው» የሚለው መነሻዎቹ ከትርጉማቸው የተነሣ እውነት ሆነው ሳለ ወደ ሐሰት ይመራል። ሊገኙ ከሚችሉት 256 ቅርጾች ወጉ 24ቱን ሲቀበል ዘመናዊው ንባብ 15ቱን ብቻ የሚቀበለው በዚህ ምክንያት ነው። ቀሪዎቹን 9 ለማዳን ሥዕሉን የሚሠራው ሰው «የሌሊት ወፎች አሉ» የሚለውን እንደ ሦስተኛ መነሻ ቆጥሮ ×ን በግልጽ ማኖር አለበት።

በአማርኛ የቀረበ አመክንዮ ደግሞ ከሥዕሉ በፊት አንድ ጥንቃቄ ይሻል። «ሁሉም በራሪ እንስሳት ወፎች አይደሉም» የሚለው ዓረፍተ ነገር ሁለት ትርጉም ይይዛል። አንደኛው «አንድም በራሪ እንስሳ ወፍ አይደለም» ሲሆን ሁለቱ ክበቦች የሚጋሩትን ስፍራ ያጠቁራል። ሁለተኛው «ወፍ ያልሆነ በራሪ እንስሳ አለ» ሲሆን ከወፎች ክበብ ውጭ ባለው የበራሪዎች ስፍራ × ያኖራል። ሁለቱ ሥዕሎች ፈጽሞ የተለያዩ በመሆናቸው የታሰበው የትኛው እንደሆነ ሳይወሰን እርሳስ ማንሣት አይገባም። እንዲሁም በዕለት ተዕለት ንግግር «አንዳንድ» ሲባል ብዙ ጊዜ «ሁሉም አይደሉም» የሚል ስሜት ይሰጣል፤ × ግን የሚናገረው «ቢያንስ አንድ» ብቻ ነው።

የዘዴው ወሰን «አብዛኞቹ» በሚለው ቃል ይታያል። የሆነ ዓይነት አባላት ቁጥር ውሱን ሆኖ ከግማሽ በላይ የሚሆኑት በራሪ፣ ከግማሽ በላይ የሚሆኑትም አጥቢ ከሆኑ ሁለቱ ክፍሎች የግድ አባል ይጋራሉ፤ ስለዚህ አንዳንድ በራሪዎች አጥቢ ናቸው። ይህ አመክንዮ ትክክል ነው፤ ጥቁርና × ግን ባዶ መሆንንና አለመሆንን እንጂ ብዛትን ስለማይለዩ በክበቦቹ ላይ ሊታይ አይችልም። ለእንዲህ ዓይነቱ መነሻ በየክፍሉ ቁጥር የሚያስገባ ሌላ ሥርዓት ያስፈልጋል።