«ልጅዎ ጓደኛውን ነክሷል»

ከኬጂ በኮሙኒኬሽን ቡክ ተጽፎ ከሚመጣው ሁሉ ወላጅን እንደዚህ የሚያሸማቅቅ የለም። ያለ ማብራሪያ ከተላከ ደግሞ ልጁ ማታ ይገረፋል፤ በማግስቱም ይነክሳል። ስለዚህ መምህሯ ከመጻፏ በፊት መመዝገብ አለባት፦ መቼ ነከሰ? የት? ከመንከሱ በፊት ምን ሆነ?

የሦስት ዓመት ልጅ በአንድ ሳምንት ሦስት ጊዜ ነከሰ እንበል። መዝገቡ ከተያዘ መልእክቱ እንዲህ ሊሆን ይችላል፦

«ውድ ወላጆች፣ ጤና ይስጥልን። ልጃችሁ በዚህ ሳምንት ሦስት ጊዜ ነክሷል። ሦስቱም ረፋድ ላይ፣ መኪና በሚጫወቱበት ጥግ፣ ሌላ ልጅ መኪናውን ሊወስድበት ሲል ነው። አስቀድመን የተነከሰውን ልጅ አባብለን፣ ቦታውን በውሃና በሳሙና አጥበን፣ ቀዝቃዛ ጨርቅ ያዝንለት። ቆዳው አልደማም። ልጃችሁን በርከክ ብለን ‹ሰው አይነከስም፣ ያማል› አልነው እንጂ አልጮህንበትም። ከሰኞ ጀምሮ በዚያ ሰዓት ረዳት መምህሯ ከአጠገቡ አትርቅም። መክሰሱን ቀደም አድርገናል፤ ተመሳሳይ መኪናዎችም ጨምረናል። ‹የኔ ተራ ነው›፣ ‹እንቢ› ማለትን እያስተማርነው ነው። እናንተም ቤት እነዚሁኑ ቃላት አለማምዱልን። ሌሊት በደንብ ካልተኛ ወይም ቁርስ ካልበላ ጠዋት ንገሩን። ከሁለት ሳምንት በኋላ ተገናኝተን እንነጋገራለን።»

የተነከሰው ልጅ ስም አለመጠቀሱ ሆን ተብሎ ነው፤ አለበለዚያ ጉዳዩ በሁለት ቤተሰቦች መካከል ጠብ ይሆናል። ቀድሞ የተነከሰው መባበሉም ምክንያት አለው። ሁሉም ሰው ወደ ነካሹ ከሮጠ፣ መንከስ የሰው ዓይን መሳቢያ እንደሆነ ልጁ ይማራል።

ከሁሉ የሚጠቅመው ግን የረዳት መምህሯ ቅርበት ነው። ልጁ ጡንቻው ሲወጠርና አፉን ሲከፍት እጇን በመሃል አስገብታ «‹የኔ ተራ ነው› በል» ትለዋለች። ከክፍሉ ማዶ ሆኖ መጮህ ግን ጥርሱ ካረፈ በኋላ የሚደርስ ነው። በዚህ ዕድሜ ንዴት ከቃል ይቀድማል፤ ስለዚህ የጎደለው ቃሉ ነው።

በአንዳንድ ቤት «ይቅመሰው» ተብሎ ልጁ መልሶ ይነከሳል፣ ወይም አፉ ላይ ሚጥሚጣ ይደረጋል። የመጀመሪያው ትልቅ ሰውም እንደሚነክስ ያሳየዋል፤ ሁለተኛው አፍና ዓይኑን ያቃጥላል። ሁለቱም መኪናው ሲነጠቅ ምን ማለት እንዳለበት አያስተምሩትም።

መንከስ በአንድ ቀን አይጠፋም። መጀመሪያ የሚታየው ለውጥ ልጁ አፉን ከፍቶ መተዉ ወይም መምህሯን መጥራቱ ነው፤ መምህሯ ይህንንም ትመዝግብ። ቆዳ ከደማ የተነከሰው ልጅ ጤና ጣቢያ ይታይ። አራት ዓመት ሞልቶት አሁንም ደጋግሞ የሚነክስ፣ በተለይም ንግግሩ የዘገየ ወይም ሲጠሩት የማይሰማ ልጅ ካለዎት ግን፣ የሁለተኛውን ሳምንት ሳይጠብቁ የሕፃናት ሐኪም ያሳዩት።