ሰኞ ጠዋት የሚነሳ የሆድ ቁርጠት፦ ዝምተኛ ልጃችሁ ያልነገራችሁ ነገር

ዛሬ የማወራችሁ ስለ ልጆች የሆድ ቁርጠት ነው። ግን መድኃኒት ቤት ሄዳችሁ ስለማትገላገሉት ዓይነት።

ጭሮ (አሰበ ተፈሪ) በምሠራበት ጊዜ አንዲት እናት የዘጠኝ ዓመት ልጇን ይዛ መጣች። (ቤተሰቡ እንዳይታወቅ አንዳንድ ነገሮችን ቀይሬያለሁ።) ልጁ ሦስተኛ ክፍል ነው። እምብርቱ አካባቢ ያመዋል። በሁለት ወር ውስጥ ሦስት ጊዜ የሠገራ ምርመራ ተደርጎለት ሁለቴ "አሜባ"፣ አንዴ "ጃርዲያ" ተብሎ መድኃኒት ወስዷል። መድኃኒት ሲጀምር ሻል ይለዋል፣ ሲጨርስ ይመለስበታል። አያቱ ደግሞ "የሰው ዓይን ነው" ብለዋል። ልጁ እናቱን ተጠግቶ መሬት መሬት ያያል። እሱን የምጠይቀውን ሁሉ እሷ ናት የምትመልስልኝ።

እውነቱን ለመናገር እኔም ሌላ የሠገራ ምርመራ ላዝ ወረቀቱን አንስቼ ነበር። እግረ መንገዴን "መቼ መቼ ነው የሚያመው?" አልኳት። "ጠዋት ነው፣ ዩኒፎርሙን ሊለብስ ሲል።" "ቅዳሜና እሁድስ?" ትንሽ አሰበች። "ቅዳሜማ ከሰፈር ልጆች ጋር ኳስ ሲያባርር ነው የሚውለው።" አሜባ ደግሞ ቅዳሜና እሁድ አያርፍም። መድኃኒት ሲጀምር ለምን እንደሚሻለውም ያኔ ገባን። መድኃኒት በጀመረ ቁጥር ሁለት ሦስት ቀን ከትምህርት ቤት ይቀር ነበር። ያሻለው መቅረቱ ነው።

ይህ አዲስ ግኝት አይደለም። ጆን አፕሊ የሚባል እንግሊዛዊ የሕፃናት ሐኪም በ1958 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ጥናት 1000 የትምህርት ቤት ልጆችን አይቶ ከአሥሩ አንድ ያህሉ እየተመላለሰ የሚያም የሆድ ሕመም እንዳለበት፣ አብዛኞቹ ላይ ግን የአካል በሽታ እንደማይገኝ ጽፏል። ሕመሙ ከእምብርት እየራቀ በሄደ ቁጥር የአካል በሽታ የመሆን ዕድሉ ይጨምራል የሚለው ምልከታም የሱ ነው። ስለዚህ ልጁ ከከሳ፣ ሌሊት ከእንቅልፉ የሚቀሰቅሰው ሕመም ካለ፣ ትኩሳት፣ የማያቋርጥ ትውከት ወይም ሠገራው ላይ ደም ካለ፣ ወይም ሕመሙ ከእምብርቱ ርቆ አንድ ቦታ ላይ ከሆነ "የትምህርት ቤት ጭንቀት ነው" ብላችሁ እንዳትቀመጡ፤ አስመርምሩት። አንድ ነገር ደግሞ ልብ በሉ፦ የጭንቀት ሕመም የውሸት ሕመም አይደለም። ፍርሃት አንጀትን በእርግጥ ያኮማትራል። ልጁ "አመመኝ" ሲል አሞት ነው።

ታዲያ የሚያስፈራው ምንድነው? ብዙዎቻችሁ "ቡሊ መደረግ" የምትሉት ነገር ሊሆን ይችላል። ልጆች ይጣላሉ፣ ይታረቃሉ፤ ያ ሌላ ነው። ቡሊ የምንለው ሆን ተብሎ ሲደረግ፣ ሲደጋገም፣ ደግሞም አንደኛው አቅም ኖሮት ሌላኛው ራሱን መከላከል ሲያቅተው ነው። አቅሙ የግድ ጡንቻ አይደለም፤ ዕድሜ፣ የጓደኛ ብዛት፣ ወይም የክፍል አለቃነት ሊሆን ይችላል። ዱላ መሆንም የለበትም። ያንግ ላይቭስ በተባለው የረጅም ጊዜ ጥናት ኢትዮጵያን ጨምሮ በአራት አገሮች የ15 ዓመት ልጆች ላይ በብዛት የታየው ማዋረድና ማግለል ነው፤ በድብደባ ከሚደርሰው ይበልጣል። ማግለል ደግሞ ሰውነት ላይ ቁስል አይተውም። እናት ገላ ስታጥብ የምታየው ነገር የለም።

ዝምታ በራሱ በሽታ አይደለም። ሲፈጠር ጀምሮ ዝምተኛ የሆነ፣ አንድ ጓደኛ የሚበቃው ጤነኛ ልጅ ሞልቷል። ስለዚህ ልጃችሁን ከጎረቤት ልጅ ጋር ሳይሆን መስከረም ላይ ከነበረው ከራሱ ጋር አስተያዩት። የሚወደውን ጨዋታ ተወ? እንቅልፉ ተረበሸ? ሽንቱን አልጋ ላይ መሽናት ካቆመ ቆይቶ እንደገና ጀመረ? እስክሪብቶና ላጲስ እየደጋገመ ይጠፋበታል?

ወላጆች ከሚያልፏቸው ምልክቶች ሁለቱን ለብቻ ላንሳ። የመጀመሪያው ሽንት ነው። ልጁ ከትምህርት ቤት ሲገባ ቦርሳውን ሳያወርድ ወደ ሽንት ቤት የሚሮጥ ከሆነ ቀኑን ሙሉ ይዞ ውሏል ማለት ነው። የትምህርት ቤት ሽንት ቤት መምህር የማይደርስበት ቦታ ስለሆነ የሚፈራ ልጅ አይጠጋውም። አንዳንዱ ጭራሽ ውኃ መጠጣት ይተዋል። ሽንት ሲሸና ማቃጠልና የሆድ ድርቀት ከዚህ ሊመጣ ይችላል። (ሽንት ቤቱ ቆሻሻ ስለሆነ ብቻ የሚይዝም አለ፣ ጠይቁት።) ሁለተኛው ረሃብ ነው። ምሳ ዕቃው ባዶ ሆኖ ልጁ ርቦት ከገባ፣ ምግቡን የበላው ሌላ ሰው ሊሆን ይችላል።

ያች እናት ሁለቱንም አይታለች፣ አላገናኘቻቸውም እንጂ። "እዚሁ ልጠይቀው?" አለችኝ። አይሆንም አልኳት። ሐኪም ፊት፣ ወንድምና እህት ፊት፣ እንግዳ ፊት ልጅ አይናገርም። ፊት ለፊት አስቀምጦ "ማነው የሚመታህ? ተናገር!" ማለትም ምርመራ ነው የሚሆነው። ዝምተኛ ልጅ የሚናገረው እጁ ሥራ ሲይዝ፣ ዓይን ለዓይን ሳይተያይ ነው። ድንች እየላጣችሁ፣ ወይም ወደ ሱቅ ጎን ለጎን እየሄዳችሁ። ቋንቋውም ሲጫወት የሚናገረው ይሁን። ጭሮ ላይ ስንት ቤት አማርኛና ኦሮምኛ ይቀላቀላል፤ በቀለለው ያውራ። ጥያቄው ደግሞ ስለ ትምህርት ሳይሆን ስለ እረፍት ሰዓት ይሁን፣ ምክንያቱም ነገሩ በብዛት የሚፈጸመው አስተማሪ በሌለበት ሰዓት ነው። "ትምህርት እንዴት ነበር?" ካላችሁት መልሱ "ደህና" ነው፣ አለቀ።

በሳምንቱ ተመልሳ የነገረችኝ ንግግር ይህን ይመስላል።

"ዛሬ እረፍት ላይ ከማን ጋር ነበርክ የኔ ጌታ?"
"ከማንም።"
"እህ… የት ነበርክ ታዲያ?"
"ክፍል ውስጥ።"
"ክፍል ውስጥ።"
"ብወጣ ይጽፈኛል።"
"ይጽፈኛል?"

እዚህ ላይ ዝም አለች። ልጁም ዝም አለ። ድንቹን መላጥ ቀጠለች። ከባዱ ክፍል ይሄ ነው፤ ወላጅ ዝምታ አይችልም፣ ቶሎ ሌላ ጥያቄ ይደረድራል። በልባችሁ እስከ አሥር ቁጠሩ። እሷ ያደረገችው የመጨረሻ ቃሉን ደግማ መጠበቅ ብቻ ነው። ከዚያ መጣ፦ "አለቃው። ሳምቡሳዬን ካልሰጠሁት ረባሽ ብሎ ይጽፈኛል። ሽንት ቤት በር ላይም ከጓደኞቹ ጋር ይቆማል።"

የረባሽ ወረቀት የማያውቅ ኢትዮጵያዊ ያለ አይመስለኝም። አስተማሪ ሲወጣ አለቃው ስም ይጽፋል፣ አስተማሪ ሲመለስ የተጻፈው ይቀጣል። ብዙ አለቃ በአግባቡ ይሠራል። ግን ከክፍሉ ልጆች በሦስት ዓመት የሚበልጥ ልጅ ያን ወረቀት ሲይዝ ወረቀቱ ገንዘብ ይሆናል።

እናትየው ያኔውኑ ነጠላዋን ለብሳ ልትወጣ ነበር። አልወጣችም። "ስለነገርከኝ ደስ ብሎኛል። ጥፋቱ ያንተ አይደለም" አለችው። ልጁ "ለማንም እንዳትነግሪ" ሲላት "እሺ" አላለችም። ይህን ቀድመን ተነጋግረንበታል፤ የማትጠብቁትን ቃል ብትሰጡት ሁለተኛ አይነግራችሁም። ያለችው "ሳልነግርህ ምንም አላደርግም፣ ግን ትልቅ ሰው መርዳት አለበት" ነው። አባቱ ሹፌር ነው፣ ቅዳሜ ሲገባ ሰምቶ "አቦ ምታው በለው! ወንድ አይደለም እንዴ?" አለ። ከልቡ ነው፣ ለልጁ ተቆርቁሮ ነው። ነገር ግን መምታት ቢችልማ ኖሮ ሳምቡሳውን አይሰጥም ነበር። ይህን ምክር የሰማ ልጅ ሁለተኛ ሽንፈት ይጨመርበትና ከዚያ በኋላ ለአባቱ አይነግርም።

ትምህርት ቤት ስትሄዱ ወደ አጥፊው ልጅ እናት ሳይሆን በመጀመሪያ ወደ ክፍል ኃላፊው መምህር ሂዱ። በቃል አትሂዱ፤ ቀኑን፣ ቦታውንና የሆነውን በወረቀት ጻፉ፣ አራት አምስት መስመር ይበቃል። መምህሩ መጀመሪያ ያለው እኛ ሁላችን የምንለውን ነው፦ "አንድ ላይ ጠርቼ አስታርቃቸዋለሁ።" ዕርቅ የምንወደው ነገር ነው፣ እኩል ለተጣሉም ይሠራል። እዚህ ግን አልተጣሉም። ትንሹ ልጅ በሚፈራው ልጅ ፊት ቆሞ "ታርቄያለሁ" ይላል፣ ከበር ሲወጡ ይጠብቀዋል። አለቃውን መግረፍም እንደዚያው ነው፤ ዱላው ዞሮ ተናጋሪው ላይ ያርፋል። ስለዚህ ለየብቻ ያነጋግሯቸው። እናትየው የጠየቀችው ሦስት ነገር ነበር፦ አለቃነቱ በየሳምንቱ ይዙር፣ እረፍት ላይ አንድ መምህር ወደ ሽንት ቤቱ በኩል ይቁም፣ በሁለት ሳምንት ተገናኝተን እንይ። መምህሩ ተቀበለ። ባይቀበል ዩኒት ሊደሩ፣ ከዚያ ዲሬክተሩ፣ ከዚያም የወላጅ ተማሪ መምህር ኅብረት አለ። እስከዚያ ልጁን ቤት አታስቀሩት፤ በቀረ ቁጥር መመለሱ ይከብደዋል። አብራችሁት እስከ በሩ ሂዱ።

አንድ የማይዘገይ ነገር አለ። ልጁ "ብሞት ይሻለኛል" ካለ፣ ራሱን ከጎዳ ወይም መብላትና መነጋገር ጨርሶ ካቆመ ያንኑ ቀን ወደ ሆስፒታል ውሰዱት። "ራስህን ልትጎዳ አስበህ ታውቃለህ?" ብላችሁ በቀጥታ ጠይቁት፤ መጠየቁ ሐሳቡን አያስገባበትም። በጭሮ፣ በሂርናም ሆነ በገለምሶ ለጫት የሚረጭ ኬሚካል ቤት ውስጥ የሚያስቀምጥ ሰው ደግሞ ዛሬውኑ ቆልፎ ቁልፉን ይያዝ።

ልጁ ከአንድ ወር በኋላ ሲመጣ "አሁን እረፍት ላይ የት ትሆናለህ?" ስለው እናቱን ሳያይ "ሜዳ" አለኝ። አንዲት ቃል። ሰኞ ሰኞ አሁንም አልፎ አልፎ ሆዱን እንደሚነካካ እናቱ ነግራኛለች። የሠገራ ምርመራ አላዘዝኩም።